የመጠበቅ ዋጋ፦ ስለ እቁብና ስለ ባንክ ብድር

ሃያ ባለሱቆች በወር አምስት አምስት ሺህ ብር የሚጣልበት እቁብ ገቡ እንበል። በየወሩ 100,000 ብር ይሰበሰባል፤ የተሰበሰበውም እጣ ለወጣለት ይሰጣል። ሃያ ወር ሲሞላ ሁሉም 100,000 ብር ጥሎ 100,000 ብር ወስዷል። በብር ያተረፈ የለም፣ የከሰረም የለም። ታዲያ የጣሉትን ያህል ለመውሰድ ከሆነ ይህ ሁሉ ስብሰባ፣ ይህ ሁሉ ዋስና ደብተር ለምን አስፈለገ? ከዚህስ እያንዳንዱ የራሱን ሳጥን ገዝቶ ቤቱ ቢያጠራቅም በስንት ጣዕሙ!

ጥያቄው የሞኝ ይመስላል፤ መልሱ ግን እቁብ ምን እንደሆነ ያሳያል። ሃያዎቹ ሰዎች በየቤታቸው ቢያጠራቅሙ ሁሉም 100,000 ብር የሚሞላላቸው በሃያኛው ወር ነው። እቁብ ከገቡ ግን አንዱ በመጀመሪያው ወር ያገኛል፣ ሌላው በሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ የመጨረሻው በሃያኛው። አማካዩ አሥር ወር ተኩል ነው። አሥራ ዘጠኙ ብቻቸውን ቢሆኑ ከሚያገኙበት ቀን ቀድመው አገኙ፤ ሃያኛው ደግሞ ብቻውን ቢሆን በሚያገኝበት ቀን አገኘ። ከብቸኛው ቆጣቢ የዘገየ አንድም ሰው የለም። የእቁብ ትርፍ የሚቆጠረው በጊዜ ነው ማለት ነው።

ይህ ጊዜ ከየት መጣ? ሥራ ፈትቶ ከሚቀመጥ ገንዘብ። ሃያዎቹ በየቤታቸው ሲያጠራቅሙ በአሥረኛው ወር በእያንዳንዱ ሳጥን 50,000 ብር አለ። አንድ ላይ አንድ ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ ነገር ግን 100,000 ብር የሚፈልገው ዕቃ ለአንዳቸውም አልተገዛም። በእቁብ ግን በአሥረኛው ወር ያው አንድ ሚሊዮን ብር በአሥር ሱቆች ውስጥ ሸቀጥ ሆኖ ተደርድሯል። ቤስሊ፣ ኮትና ላውሪ የተባሉ ሦስት የኢኮኖሚ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1993 በሒሳብ ያስረዱት ይህንኑ ነው። የማይከፋፈል ዕቃ ለመግዛት የሚቆጥቡ ሰዎች ገንዘባቸውን ቢያዋህዱ፣ እጣው ከመውጣቱ በፊት ሲታሰብ ሁሉም ይጠቀማሉ።

“ይህማ ሎተሪ ነው” የሚል ይኖር ይሆናል። በሎተሪ ግን አንዱ የሚወስደው ሌላው ያጣውን ነው፤ በእቁብ የሚወስዱት መጠን አስቀድሞ የታወቀ ነው፣ እጣ የሚቆርጠው ቀኑን ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ መለያ ምልክት ይገኛል። የሁሉም ድርሻ ሲደመር ከተጣለው ገንዘብ ሊበልጥ አይችልም። “እቁብ ነው፣ አምስት ሺህ ጥለህ አሥር ሺህ ትወስዳለህ” የሚል ሰው ከመጣ የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ተጨማሪው የሚመጣው ገና ካልገቡ ሰዎች ኪስ ነውና፣ የሚገባ ሰው ሲጠፋ ነገሩ ይፈርሳል።

አሁን እያንዳንዱን እቁብተኛ ለየብቻው እንመልከተው። በመጀመሪያው ወር የወሰደው ሰው 5,000 ብር ጥሎ 100,000 ተቀበለ፤ ስለዚህ 95,000 ብር ተበድሯል፣ በአሥራ ዘጠኝ ወርም ይከፍላል። የመጨረሻው ሰው አሥራ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሲያበድር ቆይቶ በሃያኛው ያስመልሳል። መሐል ያሉት እጣቸው እስኪወጣ አበዳሪ፣ ከወጣ በኋላ ተበዳሪ ናቸው። አሥረኛው ወር ሲያልቅ የወሰዱት አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 50,000 ብር ይቀርባቸዋል፣ ድምሩ 500,000። ያልወሰዱት አሥር ሰዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 50,000 ጥለዋል፣ ድምሩ 500,000። የአንዱ ዕዳ የሌላው ቁጠባ ነው፤ በመካከል የሚቀር ሣንቲም የለም። እንግዲህ እቁብ ብድር ነው፤ አበዳሪውና ተበዳሪው ግን ፊት ለፊት የሚቀመጡ፣ ማን አበዳሪ ማን ተበዳሪ እንደሚሆንም አስቀድመው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ያው ሁለት ሰዎች ባንክ ቢሄዱ ምን ይገጥማቸዋል? በመጀመሪያው ወር የወሰደው ሰው 95,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ በአሥራ ዘጠኝ ወር ሊከፍል ቢበደር፣ ወርኃዊ ክፍያው 5,000 መሆኑ ቀርቶ 5,693 ብር ገደማ ይሆናል። በጠቅላላው 13,170 ብር ያህል ወለድ ይከፍላል። የመጨረሻው ሰው በወር 5,000 ብሩን በቁጠባ ሒሳብ ቢያስገባ፣ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተደንግጎ ነበርና በዚያው ብናሰላው፣ በሃያኛው ወር 105,740 ብር ያህል ይኖረዋል። ወለዱ 5,740 ነው። ባንኩ ከአንዱ 13,170 ተቀብሎ ለሌላው 5,740 ሰጠ፤ 7,430 ብር በእጁ ቀረ።

ይህን 7,430 ብር በደፈናው ዝርፊያ ማለት አይገባም። ባንኩ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን አገናኝቷል። ቆጣቢው ልጁ ቢታመምበት ነገ ጠዋት ሄዶ ገንዘቡን ማውጣት ይችላል፤ እቁብተኛ ግን “ልተው፣ የጣልኩትን መልሱልኝ” ቢል የሚሰማው የለም። ተበዳሪው ሳይከፍል ቢጠፋ ቆጣቢው ወሬውንም አይሰማም። የቅርንጫፉ ኪራይ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የማይመለሰው ብድር ሁሉ ከዚያችው ልዩነት ነው የሚሸፈነው። እቁብ ይህን ወጪ የማያወጣው ወጪው ስለሌለ አይደለም፤ መተዋወቅና መጠባበቅ የሚባለውን ሥራ አባላቱ ራሳቸው ያለ ደመወዝ ስለሚሠሩት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የፍትሕ ጥያቄ ይነሳል። ቀድሞ የወሰደው ያለ ወለድ ተበደረ ካልን ወለዱን የከፈለለት ማን ነው? ኋላ የወሰደው ነው። የዋጋ ንረት ሲበረታ ደግሞ ይህ ቀላል አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዓመታዊ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ፍጥነት አሥራ ዘጠኝ ወር የጠበቀ ሰው የሚቀበለው 100,000 ብር መጀመሪያ ላይ ከነበረው 66,000 ብር አይበልጥም። ባንክ ቢያስቀምጥም አልዳነም፤ 105,740 ብሩ የዚያን ጊዜ 70,000 እንኳ አይሞላም። ንረት በሁለቱም ቤት የጠባቂውን ለቀዳሚው ይሰጣል። ልዩነቱ ያለው ጠባቂው ማን እንደሚሆን በሚወሰንበት መንገድ ላይ ነው። በባንክ ቀዳሚው መያዣ ያለው ነው፤ መያዣ የሌለው ሰው ዛሬም ነገም ቆጣቢ ሆኖ ይኖራል። በእቁብ እጣ የሚጠብቁት ሁሉ እኩል ዕድል ይዘው ይጀምራሉ፣ ዘንድሮ ኋላ የቀረ ለከርሞ ሊቀድም ይችላል። እቁቡ ባለቀ ቁጥር እንደገና የሚጀመረውም በዚህ ተስፋ ጭምር ነው።

ሆኖም እጣ ዕውር ነው። ማን እንደቸገረው አያይም። ሸቀጥ ጂቡቲ ደርሶበት የሚጨነቀው ነጋዴ ስሙ ሳይወጣ፣ ገንዘቡን ምን እንደሚያደርገው ያላሰበው ሰው ሊወጣለት ይችላል። ይህን የሚያቃናው እጣ መሸጥ ነው። በሦስተኛው ወር እጣ የወጣለት ሰው ለቸገረው በ8,000 ብር ሸጠለት እንበል። ገዢው 92,000 ብር ይዞ ይሄዳል፤ ሻጩ 8,000 ብሩን ተቀብሎ፣ የገዢውን ቦታ ይዞ ከቀሩት አሥራ ሰባት እጣዎች አንዱን ይጠብቃል። የቀሩት እጣዎች አማካይ አሥራ ሁለተኛው ወር ነው፤ ስለዚህ ገዢው በአማካይ ዘጠኝ ወር ቀደመ። ለ92,000 ብር የዘጠኝ ወር ዋጋው 8,000 ከሆነ፣ በዓመት ወደ 12 በመቶ ይጠጋል።

“እቁብ ወለድ የለውም” የሚለው አባባል እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። ወለዱ ከሁሉም ላይ አይጠየቅም፤ መቅደም በፈለገና መቆየት በሚችል ሰው መካከል ብቻ ይወለዳል። መጠኑን የሚቆርጡትም የሱቅ ጎረቤታሞቹ ሁለቱ ናቸው፤ የሚከፈለውም በቀጥታ ለጠበቀው ሰው ነው። በባንክ ግን ጠባቂውና ቀዳሚው ስለማይገናኙ ዋጋው ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ ይቆረጥላቸዋል።

እስካሁን ሁሉም ሰው እስከ መጨረሻው ይጥላል ብለን ነው የተነጋገርነው። ከባዱ ጥያቄ ግን ገና ነው። በመጀመሪያው ወር 100,000 ብር ኪሱ የገባ ሰው በሁለተኛው ወር ለምን ይመጣል? እቁቡ የሚሰጠው ሌላ ነገር የለም። ቢቀር ያተርፋል። የመጨረሻው ሰው እስከ ፍጻሜው የሚጥለው ገንዘቡ ገና ስላልደረሰው ነው፤ የመጀመሪያውን የሚይዘው ግን ምንድን ነው?

መልሱ እጣ በሚወጣበት እሑድ ከሰዓት ይታያል። ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ስም ይጠራል፣ በጣለው ሰው ስም ትይዩ ምልክት ያደርጋል። ያልጣለ ሰው ስሙ ለዚያ ቀን ከእጣ ይወጣል። የተጠቀለሉት ብጣሽ ወረቀቶች በብርጭቆ ተደርገው ይናጣሉ፤ ቡና የምታቀርበው ልጅ ወይም አጠገብ የተገኘ ሕፃን አንዱን ያወጣል። ሳቅና ምርቃት ይሆናል። ገንዘቡ ግን አይሰጥም። ዳኛው ወደ ባለ ዕድሉ ዞር ብሎ፣ “እንኳን ደስ ያለዎት፣ በሉ ዋስ ይጥሩ” ይላል። ሰውዬው ዙሪያውን ይቃኛል። በዚያች ቅጽበት የሰዎቹ ፊት ብዙ ይናገራል፤ አንዱ ሳይጠራ “እኔ አለሁለት” ይላል፣ አንዱ ስልኩን ያያል።

ብዙ እቁቦች ዋሱ ራሱ ገና ያልወሰደ አባል እንዲሆን ይፈልጋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የዋሱ ገንዘብ እቁቡ ውስጥ አለ፣ ዋስ የሆነለት ሰው ቢጠፋ ከድርሻው ይያዛል። ይህን መያዣ እንመዝነው። በአሥረኛው ወር የወሰደ ሰው 50,000 ብር ይቀርበታል፤ ያልወሰደው ዋስ እስከዚያ የጣለው 50,000 ነው። አንድ ዋስ ዕዳውን በልኩ ይሸፍናል። በአሥራ አምስተኛው ወር ዕዳው 25,000፣ የዋሱ ገንዘብ 75,000 ነው፤ ከበቂ በላይ። በሁለተኛው ወር ግን ዕዳው 90,000 ሆኖ ሳለ ዋሱ እቁቡ ውስጥ ያለው 10,000 ብር ብቻ ነው። ዘጠኝ ዋስ ቢጠራ እንኳ ገና መሙላቱ ነው። የእቁብ አደጋ ያለው መጀመሪያ ላይ ነው ማለት ነው፤ መያዣው ቀስ በቀስ ይገነባል፣ ዕዳው ግን ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ነው።

በየቦታው የሚሠራበት አንድ ልማድ ከዚህ አንጻር ትርጉም ያገኛል። የመጀመሪያው እጣ ብዙ ጊዜ የዳኛው ነው። ለድካሙ ውለታ ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ግን ደግሞ በመያዣ ያልተሸፈነው ትልቁ ዕዳ የሚሰጠው፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ሰብስቦ ላመጣው፣ ስሙ ከጠፋ ሁለተኛ እቁብ ለማይሰበስበው ሰው ነው። ዕዳው በዋስ በማይሸፈንበት ወር በስም ተሸፈነ።

እቁብ ሲበላሽም በአንድ ቀን አይበላሽም፤ ምልክት አለው። ቀድሞ የወሰደ ሰው በራሱ መምጣቱን ትቶ በሰው እጅ መላክ ይጀምራል፤ ከዚያ “የሚቀጥለውን አጣምሬ እጥላለሁ” ይላል። ሦስት አራት እቁብ የገባ ሰው ከአንዱ የወሰደውን ለሌላው ይጥላል፤ ሱቁ ውስጥ ሸቀጥ ሳይጨምር እጣ ብቻ የሚያሳድድ ከሆነ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ከሁሉ የከፋው ዳኛው የጎደለውን ከኪሱ እየሞላ ዝም ሲል ነው። ለጊዜው ሰላም ይመስላል፤ ነገር ግን አባላቱ የሚያዩትን ብቸኛ የጤና ምልክት፣ ማለትም ሁሉም ጥሏል የሚለውን፣ ሐሰት ያደርገዋል።

እቁቡ ሲተልቅ፣ አባላቱ መቶና ሁለት መቶ ሲሆኑ፣ የሚጣለውም በመቶ ሺህ ሲቆጠር መተዋወቅ ይሳሳል። ያኔ ወሳጁ ለቀሪው ዕዳ ቼክ ጽፎ እንዲያስይዝ ይደረጋል፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣልና። መፍትሔው ይሠራል፤ ግን ምን እንደተደረገ እንይ። በጎረቤት ፊት ማፈር የሚሠራው ሥራ ለፖሊስና ለፍርድ ቤት ተላለፈ። እንዲህ ያለው እቁብ የባንክን ግማሽ መንገድ ሄዷል፣ የባንክ ተቆጣጣሪ ግን የለውም።

ባንክ ከመጀመሪያውም የሚነሳው ከሌላ ጫፍ ነው። ብድር ጠያቂውን አያውቀውም፣ ሊያውቀው ቢፈልግም ውድ ነው። ስለዚህ ሰውየውን ትቶ ንብረቱን ያውቃል፤ መሐንዲስ ልኮ ቤቱን ያስገምታል፣ ካርታውን ያግዳል፣ ከግምቱ ቀንሶ ያበድራል። ሰውየው ታማኝ ቢሆን ባይሆን ቤቱ አይጠፋም። ይህ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን በመንገዱ ላይ አንድ ነገር ይጥላል። ቤት የሌላት፣ ግን አሥር ዓመት እቁቧን አንድ ቀን ሳታስተጓጉል የጣለች ጉልት ነጋዴ በባንኩ ዓይን ባዶ ናት። በእቁቡ ዓይን ደግሞ ባለ ሦስት ቤቱ አስቸጋሪ ሰው ባዶ ነው።

አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርትዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጽሑፉ፣ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ከገበሬ ኑሮ ወደ ንግድ ኑሮ በሚወስደው መሰላል ላይ መካከለኛ እርከን ናቸው፣ ባንክ ሲስፋፋ ይቀራሉ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በኢትዮጵያ የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህም የግል ባንክ ተፈቅዶ ቅርንጫፍ በየመንደሩ ተከፍቷል። እቁብ ግን አልቀረም፤ የባንክ ሠራተኞች ራሳቸው እቁብ ይጥላሉ። እርከኑን አልፈው የወጡት ሰዎች እዚያው ቆመው ከተገኙ፣ እቁብ የሚሰጣቸው ባንክ የማይሰጠው ነገር መኖር አለበት።

ይህ ነገር ግዴታ ይመስለኛል። የቁጠባ ሒሳብ ያለው ሰው በዚህ ወር ባያስገባ የሚጠይቀው የለም፤ ወንድሙ መጥቶ “አበድረኝ” ቢለውም ገንዘቡ አለ፣ እምቢ ማለት ይከብዳል። “የእቁብ ነው” ካለ ግን ወንድሙም ይረዳዋል። ሰው ለራሱ የገባውን ቃል በቀላሉ ያፈርሳል፤ ለአሥራ ዘጠኝ ሰው የገባውን ለማፍረስ ግን አሥራ ዘጠኝ ፊት ማለፍ አለበት። ባንክ ማውጣት በመፍቀዱ የሚመሰገነውን ያህል እቁብ ባለመፍቀዱ ይመሰገናል።

ያም ሆኖ ወሰኑ መታወቅ አለበት። ሃያዎቹ ባለሱቆች የሚተዋወቁት በአንድ ገበያ ስለሚውሉ ነው፤ በአንድ ገበያ ስለሚውሉም ገበያው ቢቃጠል ሁሉም አብረው ይቃጠላሉ፣ ዋሱም ባለዕዳውም በአንድ ቀን። ባንክ የደሴውን ቡና ቤት ኪሳራ በሐዋሳው ወፍጮ ትርፍ ያካክሳል፤ እቁብ ይህን አይችልም። አሥር ዓመት የሚከፈል የፋብሪካ ብድርም ከእቁብ አይጠበቅም፤ ያን ያህል ጊዜ በአንድ ደብተር የሚቆዩ ሰዎችን ማግኘት አይቻልምና። የእቁብ መያዣ መተዋወቅ ነው፣ መተዋወቅ ደግሞ ሲበዛ ይሳሳል።

“እንግዲያውስ ባንክ የእቁቡን ደብተር እንደ መረጃ ቢቀበል ሁለቱ ይታረቃሉ” የሚል ሐሳብ ሊመጣ ይችላል። ሃያ ወር ሳያስተጓጉል የጣለ ሰው በቤት ግምት የማይታይ ነገር አሳይቷልና ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ግን ደብተሩ እውነተኛ የሆነው ለምን እንደሆነ እንጠይቅ። በውስጡ ሐሰት ቢጻፍ የሚከስሩት የጻፉትና የፈረሙት ሰዎች ራሳቸው ስለሆኑ ነው። ደብተሩ ባንክ ገብቶ ብድር የሚያስገኝ ወረቀት ከሆነ፣ በሐሰቱ የሚከስረው ባንኩ፣ የሚጠቀሙት ፈራሚዎቹ ይሆናሉ፤ ያን ቀን የሚጻፈው ደብተር ሌላ ነው። ባንክ ይህን ምስክርነት ከፈለገ ወረቀቱን ብቻ መውሰድ አይበቃውም። ጸሐፊውና ዋሶቹ ከድርሻቸው በከፊል አብረው እንዲያዙ ማድረግ አለበት፤ እነሱም ያን ለማድረግ ፈቃደኛ የሚሆኑለት ሰው ማን እንደሆነ ሲያይ፣ የፈለገውን መልስ ያገኛል።